ለእንግዳ የሚሰጥ ዋይፋይ

የግቢያችን ነዋሪዎች፣ ዛሬ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። እንግዳ መጥቶ «ዋይፋይ አላችሁ?» ሲለን ፓስወርዱን እንሰጠዋለን፤ ከፓስወርዱ ጋር አብረን ምን እንደምንሰጠው ግን ብዙ ጊዜ አናስብም።

ራውተር ከኢንተርኔት በኩል ሳይጠራ የሚመጣውን ይመልሳል። ፓስወርድ ይዞ የገባውን ግን እንደ ቤተሰብ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የእንግዳው ላፕቶፕ የልጆቹን ኮምፒውተርም ሆነ ፕሪንተሩን ማግኘት ይችላል። የቤት ፕሪንተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ላኪው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ የመጣለትን ያትማል። እንግዳው ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ ላፕቶፑ ሳያውቀው ቫይረስ ይዞ ከሆነ ቫይረሱም በዚያው በር ይገባል።

መፍትሔው ለእንግዳ የተለየ ዋይፋይ መክፈት ነው። ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ እንደ 192.168.1.1 ያለ አድራሻ አለ። እሱን ብሮውዘር ላይ ጽፋችሁ ስትገቡ በብዙ ራውተሮች Guest Network የሚል ቦታ ታገኛላችሁ። ስምና ፓስወርድ ስጡትና አብሩት። በአንዳንዶቹ እዚያው Allow guests to access my local network የሚል ምርጫ አለ፤ እሱ ምልክት ከተደረገበት እንግዳው ወደ ቤታችሁ ዕቃዎች ይገባልና ምልክቱን አንሱት። ከዚያ የድሮውን የቤተሰብ ፓስወርድ ቀይሩ። ይህን የሚረሳው ብዙ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት የመጣው ዘመድ ስልክ የድሮውን ፓስወርድ ይዞታል፤ ካልቀየራችሁት በሚቀጥለው ሲመጣ በራሱ የሚገባው ወደ ቤተሰቡ ዋይፋይ ነው።

የእኔ ራውተር Guest Network የሚለው ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ሁለተኛ ራውተር ገዛሁና በኬብል ከመጀመሪያው ጋር አያያዝኩት። ቤተሰቡን በድሮው ላይ ትቼ አዲሱን ለእንግዳ ሰጠሁ። ስማቸውም ፓስወርዳቸውም የተለያየ ስለነበረ ተለያይተዋል ብዬ ተረጋጋሁ። በፋሲካ ሰሞን ግን የእህቴ ልጅ በእንግዳው ዋይፋይ ላይ ሆኖ ብሮውዘሩ ላይ የፕሪንተራችንን አድራሻ፣ 192.168.1.50ን፣ ጻፈ። የፕሪንተሩ ገጽ ወዲያው ተከፈተለት። በጣም ደነገጥኩ፤ ምክንያቱን እስካገኝም አልተኛሁም።

ምክንያቱ የአቀማመጡ ቅደም ተከተል ነበር። ሁለተኛው ራውተር ኢንተርኔት የሚያገኘው በመጀመሪያው በኩል ነው። የእንግዳው መልእክት ከአዲሱ ራውተር ሲወጣ መጀመሪያ የሚያርፈው የቤተሰቡ ኔትወርክ ውስጥ ነው፤ ፕሪንተሩም ያለው እዚያው ነው። ቤታችንን የእንግዳው መተላለፊያ አድርጌው ነበር ማለት ነው። ራውተር ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄደውን ያሳልፋል፣ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚመጣውን ይከለክላል። ስለዚህ ሁለት ራውተር ሲኖር መጠበቅ ያለበት ቤተሰብ ከኋላ፣ በሁለተኛው ላይ፣ ይሁን። እንግዳው ደግሞ ወደ ኢንተርኔት መስመሩ በሚቀርበው፣ በመጀመሪያው ላይ ይቅር።

እኔም ገለበጥኩት። ኮምፒውተሮቹንና ፕሪንተሩን ወደ አዲሱ አዛወርኩ፣ የድሮውን ለእንግዳ ተውኩ፤ እንግዶች የሚያውቁትን የአዲሱን ፓስወርድም ቀየርኩ። ፕሪንተሩን ረስታችሁ ከፊት ብትተዉት ልፋታችሁ ከንቱ ነው። የሁለቱ ራውተሮች የአድራሻ ቁጥርም መለያየት አለበት፤ አንዱ በ192.168.1 ከጀመረ ሌላው በ192.168.0 ይጀምር። ሁለተኛው Access Point በሚባለው አሠራር ላይ ከተቀመጠ ግን ምንም አይለይም፤ ያኔ የመጀመሪያው ዋይፋይ ማራዘሚያ ብቻ ነው። እንግዳው ፊት ለፊት የሚያገኘው የመጀመሪያው ራውተር የራሱ መግቢያ ፓስወርድም አለው። ከፋብሪካ እንደመጣ admin ሆኖ ከቀረ ዛሬውኑ ቀይሩት።

መለየቱን በግምት አትመኑ፣ ሞክሩት። ፕሪንተሩ አድራሻው የተጻፈበት የሴቲንግ ወረቀት ያትማል፤ ትንሽ መስኮት ካለውም እዚያ ላይ ታገኙታላችሁ። የስልካችሁን ዳታ አጥፉ፣ በእንግዳው ዋይፋይ ግቡ፣ አድራሻውን ብሮውዘር ላይ ጻፉ። ገጹ ሳይመጣ ቆይቶ ከተቋረጠ ተለይቷል። ከተከፈተ አልተለየም። አድራሻውን በትክክል መጻፋችሁን ለማረጋገጥ ያንኑ በቤተሰቡ ዋይፋይ ሞክሩት፤ እዚያ መከፈት አለበት።

አንድ ነገር ይጎድልባችኋል፤ እንግዳው በቀጥታ ማተም አይችልም። እኛ ቤት የጉዞ ቲኬቱን ማተም የፈለገ እንግዳ በቴሌግራም ይልክልናል፣ እኛ እናትምለታለን። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ። ራውተራችሁ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ከመጣችሁ ፓስወርዱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ አሳዩኝ፣ Guest Network እንዳለውና እንደሌለው አብረን እናያለን።