ማረጋገጫ ማጣትና ማረጋገጫ አለመኖር

ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ የማረጋገጫ ሥርዓት ነው። ያላት ምልክት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» የሚለው ፍላጻ ነው። መነሻዎቿ ሁለት ናቸው፦

```
p → (q → p)
(p → (q → r)) → ((p → q) → (p → r))
```

ደንቧም አንድ ነው፤ A እና A → B ከተረጋገጡ B ተረጋገጠ ማለት ነው።

በተለመደው የእውነትና የሐሰት ሠንጠረዥ ሁለቱም መነሻዎች ሁልጊዜ እውነት ናቸው፤ ደንቡም ከእውነት ሐሰት አያወጣም። ስለዚህ ሥርዓቷ የምታረጋግጠው ሁሉ ሁልጊዜ እውነት ነው። ይህን ባሕርይ ታማኝነት እለዋለሁ። ተገላቢጦሹ፣ ማለትም ሁልጊዜ እውነት የሆነ ቀመር ሁሉ ማረጋገጫ ያለው መሆኑ፣ ምሉዕነት ነው።

አሜሪካዊው ቻርልስ ፒርስ በ1885 ያቀረበውን ሕግ እንመልከት፦

```
((p → q) → p) → p
```

p እውነት ከሆነ ቀመሩ እውነት ነው። p ሐሰት ከሆነ ደግሞ p → q እውነት ስለሚሆን (p → q) → p ሐሰት ይሆናል፤ ከሐሰት የተነሣ ፍላጻም እውነት ነው። ተማሪ ሳለሁ ይህን ከሁለቱ መነሻዎች ለማውጣት ብዙ ወረቀት ፈጅቼ አልተሳካልኝም። ነገር ግን እኔ ማረጋገጫ ማጣቴ ማረጋገጫ አለመኖሩን አያሳይም።

የሚያሳየው ሌላ ሠንጠረዥ ነው። ሦስት ዋጋዎችን፣ 0፣ ½ እና 1ን እንውሰድ። a ከ b ካልበለጠ a → b ዋጋው 1 ይሁን፤ ከበለጠ ግን b ይሁን። ሁለቱ መነሻዎች እዚህም ሁልጊዜ 1 ናቸው፤ ለሁለተኛው 27 ረድፍ መሙላት ይጠይቃል፤ አሰልቺ ቢሆንም ይሠራል። A እና A → B ዋጋቸው 1 ከሆነ B ደግሞ 1 ነው። እንግዲህ በሥርዓቷ የሚረጋገጥ ሁሉ ዋጋው ሁልጊዜ 1 ነው። አሁን በፒርስ ሕግ p = ½፣ q = 0 እናድርግ፤ p → q ዋጋው 0 ይሆናል፤ 0 → ½ ዋጋው 1 ይሆናል፤ በመጨረሻም 1 → ½ ዋጋው ½ ነው። 1 ስላልሆነ ማረጋገጫ ከቶ የለውም። ሥርዓቷ ታማኝ ናት፤ ምሉዕ ግን አይደለችም። ጉድለቷን የገለጠልን ራሱ የታማኝነት ክርክር መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ የተለወጠው ሠንጠረዡ ብቻ ነው።

ጉድለቱን በችኮላ የሚሞላ ሰው ከ B እና ከ A → B ተነሥቶ A ን የሚያወጣ ደንብ ቢጨምርስ? T የተረጋገጠ ይሁን። ከመጀመሪያው መነሻ p → T ይገኛል፤ አዲሱ ደንብም p ን ያስገኛል። p ማንኛውም ቀመር ስለሆነ ሁሉም ነገር ተረጋገጠ፤ ምሉዕነት ተገኘ፤ «ተረጋገጠ» የሚለው ቃል ግን ምንም መናገሩን አቆመ።

የፒርስን ሕግ ሦስተኛ መነሻ ብናደርገው ሥርዓቷ ታማኝም ምሉዕም ትሆናለች። ያን ጊዜ ሠንጠረዡ አንድ የሐሰት ረድፍ ካሳየ ማረጋገጫ ፍለጋውን መተው ይቻላል፤ ይህ የታማኝነት ዋስትና ነው። ካላሳየ ግን፣ እኔ ባላገኘውም፣ ማረጋገጫው አለ።