ሪፖርት ከመፈረሙ በፊት የሚደረግ የመጨረሻ ንባብ



የመጨረሻው እርማት ከስም ቢጀምር እመርጣለሁ። የአንዲት ባለሙያ ስም በሽፋኑ ላይ «ፀሐይ»፣ በሠንጠረዡ «ጸሐይ»፣ በፊርማው ገጽ «ፀሀይ» ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ጆሮ ልዩነቱን አይሰማም፤ ኮምፒውተር ግን አንዱን ስንፈልግ ሌሎቹን ላያሳየን ይችላል። ስለዚህ ባለቤቷ የምትጽፍበትን ፊደል ጠይቆ የቀሩትን በየተራ መፈለግ ይገባል። (የሞክሼ ፊደላት ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን፤ በተራ ቃላት ግን አንዱን መርጦ መጽናት ይበቃል።)

ቁጥር የበለጠ ጊዜ ይጠይቃል። የሦስት ወረዳዎች ተጠቃሚዎች በሠንጠረዡ 1,240፣ 985 እና 1,317 ናቸው እንበል፤ ድምራቸው 3,542 ነው። ማጠቃለያው ግን 3,515 ይላል። ልዩነቱ 27 ነው፤ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ይህም ሁለት ጎረቤት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው እንደሆነ ያስጠረጥራል። 27 ለ9 ሲካፈል 3 ስለሚሆን፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቦታዎች በ3 የሚበላለጡ አሃዞችን እንፈልጋለን፤ የምናገኛቸው በ985 ውስጥ ብቻ ነው። 958 ብንለው ድምሩ 3,515 ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ትክክለኛውን የሚነግረን የወረዳው መዝገብ ነው።

ዘመንም እንዲሁ ይፈተሽ። የ2016 በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዓመት የክንውን ሠንጠረዥ ውስጥ «ሐምሌ 2016» ካለ ዓመቱ ተሳስቷል።

ፊርማ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ከተፈረመ በኋላ አንድ አሃዝ እንኳ ቢታረም፣ ፈራሚዎቹ የታረመውን ገጽ አይተው እንደገና ይፈርሙ።