ሰቆጣና የቺካጎ ቀለበቶች፤ አሮጌ የከተማ ሞዴሎች የሚያሳዩትና የሚሰውሩት



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ሥዕል ነው። በከተማ ጂኦግራፊ ወይም በሶሺዮሎጂ ትምህርት ያለፋችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሠሩ አምስት ክቦች ናቸው። ኧርነስት በርጀስ እ.ኤ.አ. በ1925 በታተመውና ከሮበርት ፓርክ ጋር ባዘጋጁት የከተማ ጥናት መጽሐፍ ውስጥ ያቀረበው ነው። በመሀል የንግድ ማዕከል አለ። ቀጥሎ የሽግግር ቀጠና፣ ከዚያ የሠራተኞች ሰፈር፣ ከዚያም የተሻለ ኑሮ ያላቸው ሰዎች መኖሪያ፣ በመጨረሻም ወደ መሀል እየተመላለሱ የሚሠሩ ሰዎች የሚያድሩበት ዳርቻ ይመጣል። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ይህን ሥዕል ሰቆጣ ላይ ብናሳርፈው ምን እናያለን? ምንስ ይሰወርብናል?

በቅድሚያ ሥዕሉ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1840 ከ5 ሺህ ያነሰ ሕዝብ ነበራት፤ ከ50 ዓመት በኋላ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሆነች። ሜዳ ላይ የተቆረቆረች የፋብሪካና የባቡር ከተማ ናት። መሬቷ በነጻ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ከባሕር ማዶ የመጣው ድኃ በመሀል ከተማ አጠገብ፣ ሥራ በሚገኝበት አካባቢ፣ ባረጁ ቤቶች ውስጥ ርካሽ ክፍል ይከራያል፤ ኑሮው ሲሻሻል ወደ ውጭ ይወጣና ቦታውን ለአዲስ መጤ ይለቃል። በርጀስና ባልደረቦቹ ይህን ሂደት ከዕፅዋት ሥነ ምህዳር በተዋሱት ቃል «ወረራና ተተኪነት» ብለው ጠሩት። ቀለበቶቹን የፈጠረው ይህ ሂደት ነው። ሂደቱ ደግሞ ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል፤ የመሬት ገበያ፣ ለእንቅስቃሴ እንቅፋት የማይሆን ሜዳ፣ እንዲሁም ሥራ ፍለጋ ወዶ የሚመጣ መጤ። እነዚህን ሦስቱን በሰቆጣ አንድ በአንድ ልፈትሻቸው።

የመጀመሪያው የመሬት ገበያ ነው። ሰቆጣ የዋግሹሞች መቀመጫ የነበረች፣ ከአፋር የጨው ሜዳ የሚመጣው አሞሌ ከሚራገፍባቸው የደጋ ገበያዎች አንዷ የሆነች ጥንታዊ ከተማ ናት። እዚህ መሀሉ የተፈጠረው በፋብሪካ ሳይሆን በአስተዳደርና በሳምንታዊ ገበያ ነው። ጊዴዮን ሾበርግ እ.ኤ.አ. በ1960 እንዳሳየው፣ ከኢንዱስትሪ በፊት በነበሩ ከተሞች ባለሥልጣኑ መሀል፣ ድኃው ዳር የመኖር ዝንባሌ ነበራቸው፤ የበርጀስ ግልባጭ ማለት ነው። የእኛ አገር ታሪክ ግን ለሾበርግም ሙሉ በሙሉ አይገዛም። በአዲስ አበባ እንደ ራስ መኮንንና እንደ ደጃች ውቤ ባሉ መኳንንት ስም የሚጠሩት ሰፈሮች ጌታውንና ሎሌውን፣ ባለ ሀብቱንና ጭሰኛውን በአንድ ቅጥር ዙሪያ ያሰፈሩ ነበሩ።

በኋላም በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለረጅም ዘመን ብዙም ሳይለወጥ በመቆየቱ፣ በከተሞቻችን መሀል ብዙ አነስተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ቆዩ። ከውጭ ለሚያይ ይህ የበርጀስን የሽግግር ቀጠና ይመስላል። ምክንያቱ ግን ተቃራኒ ነው። በቺካጎ ድኃው መሀል የኖረው ባለ ንብረቱ የተሻለ ዋጋ እየጠበቀ ቤቱን ሳያድስ ስላከራየው ነው፤ በእኛ ግን ገበያው እንዳይገባ ሕግ ስለከለከለው ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ አዲስ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲተላለፍ ደነገገ። ስለዚህ በከተማው ዳር አንድ አዲስ ሰፈር ስናይ፣ «ማን አቅም ኖሮት ወጣ?» ከማለታችን በፊት «ቦታውን ማን፣ መቼ፣ በምን ሥርዓት ሰጠው?» ብለን መጠየቅ አለብን።

ሁለተኛው ሜዳው ነው። በርጀስ ራሱ ቺካጎ እንኳ በሐይቋ፣ በወንዟና በባቡር ሐዲዷ ምክንያት ከሥዕሉ ጋር ፍጹም እንደማትገጥም ተናግሯል። በዋግ ኽምራ ተራሮች ላይ ግን አቀበቱ ዋናው ነገር ነው። ለምሳሌ ያህል ሁለት ቤቶችን እናስብ፤ ሁለቱም ከገበያው 1 ኪሎ ሜትር የሚርቁ። አንዱ ከገበያው ጋር በእኩል ከፍታ፣ ሌላው ከገበያው 120 ሜትር ዝቅ ብሎ በሸለቆ ውስጥ ነው። የተራራ ተጓዦች የሚጠቀሙበት የቆየ የናይስሚዝ ስሌት አለ፤ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይኬዳል፣ ለያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ 1 ሰዓት ይጨመራል። በዚህ ስሌት የመጀመሪያው ቤት ሰው በ12 ደቂቃ ይደርሳል። ሁለተኛው 12 ደቂቃ ለርቀቱ፣ 12 ደቂቃ ለአቀበቱ፣ በድምሩ 24 ደቂቃ ይፈጅበታል። 20 ሊትር ውኃ በጀሪካን ለተሸከመች ሴት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በካርታው ላይ ክብ ብናሰምር ሁለቱ ቤቶች በአንድ ቀለበት ውስጥ ይወድቃሉ፤ በኑሮ ግን አንዱ ከሌላው በእጥፍ ይርቃል። በተራራ ከተማ ቀጠና ሊሰመር የሚገባው በሜትር ሳይሆን በደቂቃ ነው፤ ሲሰመር ደግሞ ክብ አይሆንም፣ እንደ ሸንተረሩ ይጣመማል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የመጤው ጉዳይ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሰቆጣ 22 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወረዳዎች የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች ወደ ሰቆጣና አካባቢዋ መጡ። እነዚህ ሰዎች የበርጀስ መጤዎች አይደሉም። ሥራ መርጠው፣ ኪራይ አወዳድረው አልሰፈሩም። ከፊሉ በሰቆጣ ዙሪያ ወረዳ በወለህ እንደ ተቋቋመው ባለ መጠለያ፣ መንግሥትና ረድኤት ድርጅቶች ባስቀመጡት ቦታ አረፈ፤ ከፊሉ በዘመድ ቤት ተጠጋ። አሁን በቀለበት ሞዴል የሚሠራ አጥኚ ቢመጣ፣ ችግረኛውን መጤ በመሀሉ የሽግግር ቀጠና ይፈልገዋል። መጠለያው ከከተማው ክልል ውጭ ስለሆነ ከካርታው ይቀርበታል። ዘመድ ቤት የተጠጋው ደግሞ በቤቱ ቁጥር ውስጥ ይሰወራል፤ ጣሪያው አንድ ነው፣ ከሥሩ ግን ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰብ ይኖራል። የውኃ ቦኖና የትምህርት ቤት ክፍል ለእነዚህ ሰዎች ሳይታሰብ ፕላን ይጸድቃል። የሞዴሉ ስሕተት ከወረቀት አልፎ ወረፋ ላይ የሚታየው ያኔ ነው።

ታዲያ በርጀስን እንጣለው? እኔ እንዲህ አልልም። ልንይዘው የሚገባው ጥያቄውን ነው፤ ማን ይመጣል፣ ማን ይለቃል፣ ቦታው ለማን ይተላለፋል? መተው የሚገባን መልሱን ነው፤ ቀለበቶቹን።

ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚዘጋጁ ተማሪዎች ሥራውን ከታች ወደ ላይ ቢጀምሩት እመርጣለሁ። ከገበያው ተነሥታችሁ በተለያየ አቅጣጫ እስከ መጨረሻው እርሻ ድረስ ተጓዙ። በየመቶ ሜትሩ ባለው ቤት አራት ነገር መዝግቡ፤ ይዞታው የቀበሌ ቤት፣ ነባር፣ ሊዝ ወይስ ገና የገበሬ ማሳ መሆኑን፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ስንት ቤተሰብ እንዳለና ከየት፣ መቼ እንደ መጣ፤ ውኃ ለመቅዳትና ገበያ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፤ ቤቱ ያለበትንም ከፍታ። ጥያቄውን እንደ ተጠያቂው ምርጫ በኽምጣናም በአማርኛም ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ብቻ ተመሳሳዮቹን አሰባስባችሁ ቀጠና አስምሩ። የሚወጣው ቅርጽ ክብ ከሆነ፣ መልካም፤ በርጀስ ረትቷል። በአንዱ ሸንተረር ላይ የሊዝ ሰፈር፣ በሌላው ነባር ይዞታ፣ በሸለቆው የተጣበበ የዘመድ ቤት ከሆነ ግን፣ ያንን እንዳለ ሣሉት። ከተማዋን ወደ ሥዕሉ ለማስገባት ማዕዘኗን አትቁረጡ፤ የምትቆርጡት ማዕዘን ውስጥ ሰው አለ።