ከአርባ ስምንት ወረቀት አንዱ ወደ ባለቤቱ ቢመለስ
(ለሒሳብ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምነግራችሁ በመቲ ከተማ መምህር ሳለሁ ስለ ፈረድሁት አንድ የተሳሳተ ፍርድ ነው። መቲን የማታውቋት ብትኖሩ፥ በጋምቤላ ክልል የማጃንግ ዞን ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ ደን፥ ሥራዋ ቡናና ማር፥ ዝናቧም ብዙ ነው። እኔ በ2008 ዓ.ም. በዚያ ሰባተኛ ክፍልን ሒሳብ አስተምር ነበር። በክፍሉ አርባ ስምንት ተማሪዎች ነበሩ። ዓርብ ዓርብ ከአሥር የሚታረም አጭር ፈተና እሰጣለሁ፤ አርባ ስምንቱን ወረቀት ብቻዬን ከማርም ብዬ ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው እንዲተራረሙ አደረግሁ። የክፍሉ አለቃ ወረቀቱን ሁሉ ሰብስቦ በካርቶን ይጨምራል፥ ካርቶኑን ደኅና አድርጎ ይንጣል፥ ከዚያም ሳያይ እያወጣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ያድላል። ያረመው ልጅ ከወረቀቱ ግርጌ ስሙን ይጽፋል።

ከስምንት ሳምንት በኋላ ወረቀቶቹን አገላብጬ ሳይ በአምስቱ ሳምንት የራሱ ወረቀት ደርሶት ራሱን ያረመ ተማሪ አገኘሁ። በሦስቱ ሳምንት አንድ አንድ ልጅ፥ በሁለቱ ሳምንት ሁለት ሁለት ልጅ፤ በጠቅላላው ሰባት ወረቀት። ከሰባቱም ልጆች አንዱ የአለቃው የዴስክ ጓደኛ ነበረ። እኔም በልቤ፥ «ከአርባ ስምንት ወረቀት መካከል የራስን ማግኘት ከአርባ ስምንት አንድ ዕድል ነው፤ ከስምንት ሳምንት አምስት ጊዜ እንዴት ይሆናል? አለቃው እየመረጠ ያድላል ማለት ነው» አልሁ። ልጁን ከአለቅነት ሻርሁት። የሰባቱንም ልጆች የዚያን ሳምንት ውጤት ሰረዝሁ። አለቃው፥ «ቲቸር፥ እኔ አላየሁም» ብሎ አለቀሰ፤ እኔ ግን ሒሳብ ዐዋቂ ነኝና አልሰማሁትም።

ስሕተቴ የት ላይ እንደ ነበር የተረዳሁት ወደ ትምህርት ስመለስ ነው። ጥያቄው አሮጌ ጥያቄ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ሬሞን ደ ሞንሞር እ.ኤ.አ. በ1708 ስለ ቁማር ጨዋታዎች ባሳተመው መጽሐፍ በአሥራ ሦስት ካርታ አስመስሎ አንሥቶታል፤ ኋላም ኒኮላ በርኑሊና ኦይለር ሠርተውበታል። በመማሪያ መጻሕፍት የሚታወቀው ግን በባርኔጣ ነው፤ እንግዶች ሲገቡ ባርኔጣቸውን በር ላይ ይሰጣሉ፥ ሲወጡ ጠባቂው እንዳገኘ ያድላቸዋል፤ ማንም የራሱን ባርኔጣ የማያገኝበት ዕድል ስንት ነው? በእኛ አገር ባርኔጣ በር ላይ የሚያስረክብ ብዙ ስለሌለ እኔ በወረቀቴ እቀጥላለሁ።

ከአርባ ስምንት ከመጀመር ከአራት እንጀምር። ልጆቹ ሀ፥ ለ፥ ሐ እና መ ይሁኑ። አራት ወረቀት ለአራት ልጆች በ24 ዓይነት መንገድ ሊታደል ይችላል። ማንም የራሱን የማያገኝባቸው ስንት ናቸው? የማንፈልጋቸውን እንቀንስ። ሀ የራሱን ቢያገኝ የቀሩት ሦስቱ በ6 መንገድ ይታደላሉ። ለ፥ ሐ እና መም እንዲሁ ናቸው፤ አራት ጊዜ ስድስት 24 ነው። ከ24 ላይ 24 ብንቀንስ ምንም አይቀርም። ይህ ግን ሐሰት ነው፤ እያንዳንዱ ወረቀቱን ለጎረቤቱ ቢያሳልፍ፥ የመጨረሻውም ለመጀመሪያው ቢሰጥ፥ ማንም የራሱን አላገኘም።

ምን በደልን? ሀ እና ለ ሁለቱም የራሳቸውን ያገኙበትን እደላ አንድ ጊዜ በሀ ስም፥ ሁለተኛ ጊዜ በለ ስም ቀንሰነዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥንድ መመለስ አለብን። ጥንዶቹ 6 ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ጥንድ የቀሩት ሁለቱ ልጆች በ2 መንገድ ይታደላሉ፤ 12 እንጨምራለን። አሁን ደግሞ ሦስት ልጆች የራሳቸውን ያገኙበትን ከሚገባው በላይ መለስን፤ ሦስት ሦስት ልጆችን የምንመርጥበት መንገድ 4 ነውና 4 እንቀንሳለን። በመጨረሻም አራቱም የራሳቸውን ላገኙበት 1 እንጨምራለን።

24 − 24 + 12 − 4 + 1 = 9

ከ24ቱ 9ኙ ናቸው ማለት ነው። ይህ እየቀነሱ መመለስ፥ እየመለሱ መቀነስ የማካተትና የማስወጣት ዘዴ ይባላል። እውነት መሆኑን የሚጠራጠር ቢኖር አንዱን እደላ ብቻ ይከተል። አራቱም የራሳቸውን ያገኙበት እደላ በመጀመሪያው 24 ውስጥ አንድ ጊዜ ተቆጠረ፥ አራት ጊዜ ተቀነሰ፥ ስድስት ጊዜ ተመለሰ፥ አራት ጊዜ ተቀነሰ፥ አንድ ጊዜ ተመለሰ፤ 1 − 4 + 6 − 4 + 1 ዜሮ ነው። ሁለት ብቻ የራሳቸውን ያገኙበት ደግሞ 1 − 2 + 1፥ ያውም ዜሮ ነው። ማንም የራሱን ያላገኘበት ግን አንድ ጊዜ ተቆጥሮ ማንም አልነካውም። የቀሩት ዘጠኙ እነርሱ ናቸው።

አሁን ወደ መቲ ክፍል እንመለስ። ከአርባ ስምንቱ ልጆች አንድ የታወቀ ልጅ የራሱን የማግኘት ዕድሉ 1/48 ነው፤ ልጆቹ ግን 48 ናቸውና የመጀመሪያው ተቀናሽ 48 ጊዜ 1/48፥ ማለት 1 ነው። ሁለት የታወቁ ልጆች ሁለቱም የራሳቸውን የማግኘት ዕድላቸው 1/(48 × 47) ነው፤ ጥንዶቹ ግን 48 × 47 ሲካፈል ለ2 ናቸው። ሲባዙ አርባ ስምንቱም አርባ ሰባቱም ይጠፋሉ፥ የሚቀረው 1/2 ብቻ ነው። ለሦስት ልጆች በዚሁ መንገድ 1/6፥ ለአራት 1/24 ይቀራል። ስለዚህ ማንም የራሱን የማያገኝበት ዕድል ይህ ነው፤

1 − 1 + 1/2 − 1/6 + 1/24 − 1/120 + ... + 1/48!

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የነገሩ ልብ እዚህ ነው። የክፍሉ ብዛት ከየቃሉ ውስጥ ጠፍቶአል! ብዛቱ የሚናገረው ድምሩ የት እንደሚቆም ብቻ ነው። እኔ በመቲ ሳስብ ልጆቹ በበዙ ቁጥር የራስን ማግኘት ብርቅ ይሆናል ብዬ ነበር። ይህ ለአንድ ልጅ እውነት ነው። ነገር ግን ልጆቹ በበዙ ቁጥር ዕድሉን የሚሞክሩትም ይበዛሉ፤ ሁለቱ እኩል ስለሚሄዱ አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል።

ድምሩን ብናወጣው ለአራት ልጆች 9/24፥ ማለት 0.375 ነው። ለአምስት 44/120፥ 0.3667 ገደማ፤ ለስድስት 265/720፥ 0.3681 ገደማ፤ ለሰባት 1854/5040፥ 0.3679 ገደማ ነው። አንድ ጊዜ ከፍ አንድ ጊዜ ዝቅ እያለ በፍጥነት ይረጋል። የሚረጋበትም ቁጥር 1/e፥ ማለት አንድ ሲካፈል ለ2.71828...፥ 0.367879... ነው። ስሕተቱ ሁልጊዜ ከሚቀጥለው ካልተደመረው ቃል ያንሳል፤ ለአርባ ስምንት ልጆች ስሕተቱ ከነጥብ በኋላ ከስልሳ በላይ ዜሮ ያለበት ነው። ባርኔጣው ሰባት ቢሆን ሰባት ሺህ ቢሆን፥ ከሦስት አኃዝ በላይ ካልጠየቃችሁኝ መልሴ አንድ ነው።

አንዳንድ ጓደኞች ይህን በአቋራጭ ያገኙታል። «እያንዳንዱ ልጅ ከራሱ ወረቀት የሚያመልጥበት ዕድል 47/48 ነው፤ አርባ ስምንት ጊዜ ብናባዛው ይበቃል» ይላሉ። ቢያባዙት 0.364 ይወጣል። ቀርቧል፥ ግን ልክ አይደለም። ምክንያቱም ልጆቹ እርስ በርሳቸው ነጻ አይደሉም፤ አርባ ሰባቱ የራሳቸውን ካገኙ አርባ ስምንተኛው ከራሱ ወረቀት ሊያመልጥ አይችልም። ማካተትና ማስወጣት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ፍርዴን እንመርምር። በአንድ ዓርብ ማንም የራሱን የማያገኝበት ዕድል 0.368 ከሆነ፥ ቢያንስ አንድ ልጅ የራሱን የሚያገኝበት 0.632 ነው። በስምንት ሳምንት አማካዩ 8 × 0.632፥ አምስት ሳምንት ያህል! እኔ ያገኘሁት አምስት ነው። አንድ ብቻ የሚያገኝበትም ዕድል 0.368 ገደማ ነውና ሦስት ሳምንት ያህል ይጠበቃል፤ ያገኘሁት ሦስት ነው። ሁለት ልጅ የሚያገኙበት 0.184 ነው፤ ከስምንት ሳምንት አንድ ተኩል ይሆናል፥ ያገኘሁት ሁለት ነው። አለቃው በካርቶኑ ውስጥ ዕድልን እንጂ ሌላ ምንም አላደለም። ወረቀቶቹ ሁሉ የመሰከሩለትን ልጅ በእነዚያው ወረቀቶች ፈረድሁበት።

«ታዲያ በምን ልትይዘው ትችል ነበር?» ብትሉኝ፥ ጥያቄው «አንድ ሰው» ከመሆን «ይህ ሰው» ሲሆን ነው። አስቀድሜ በጠረጠርሁት በአንድ ልጅ ላይ፥ ለምሳሌ በአለቃው በራሱ፥ በስምንት ሳምንት ሦስት ጊዜ የገዛ ወረቀቱ ደርሶት ቢሆን፥ የዚህ ዕድል ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ያን ጊዜ መጠርጠር ይገባል። የዴስክ ጓደኛው ግን አንድ ጊዜ ብቻ አገኘ፤ ስሙንም ያነሣሁት ወረቀቱን ካየሁ በኋላ ነው።

ሒሳቡ የሚሠራው ካርቶኑ በእርግጥ ከተናጠ ብቻ እንደ ሆነም ልንገራችሁ። ወረቀቱ ከፊት ወደ ኋላ በተራ ተሰብስቦ፥ ሳይደባለቅ ከላይ እየተነሣ በዚያው ተራ ቢታደል ዕደላው ግልባጭ ይሆናል። ልጆቹ አርባ ስምንት ሲሆኑ ማንም የራሱን አያገኝም፤ አርባ ዘጠኝ ሲሆኑ ግን ሃያ አምስተኛው፥ መካከል የተቀመጠው ልጅ፥ ሁልጊዜ የራሱን ያገኛል። ስለዚህ በስምንት ሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ማንም የራሱን ባያገኝ ያ ራሱ ምልክት ነው፤ በእውነት በተናጠ ካርቶን ይህ ከሦስት ሺህ አንድ ጊዜ ያህል ነው የሚሆነው። እኔ ልረካበት የነበረው ውጤት ልጠራጠርበት የሚገባው ነበረ።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ መቲ ስመለስ ልጆቹ ስምንተኛ ክፍል ገብተው ነበር። ውጤታቸው ከመዝገብ ላይ ሰፍሮ ተዘግቶ ስለ ነበር ላስተካክለው አልቻልሁም። በክፍሉ ፊት ቆሜ ከአራት ወረቀት ጀምሬ ይህንኑ ሠራሁላቸው፤ ካርቶኑንም ለልጁ መለስሁለት። አንድ ደንብ ብቻ ጨመርን፤ ከመካከላችን አንድ ሰው የራሱን ካገኘ ወረቀቱ በሙሉ ተሰብስቦ እንደ ገና ይናጣል። ማንም የራሱን እስከማያገኝ ድረስ በአማካይ ስንት ጊዜ መናጥ እንደሚያስፈልግ ስጠይቃቸው፥ «ሦስት ጊዜ አይሞላም» ብሎ የመለሰው አለቃው ነበረ። ልክ ነው፤ 2.718 ነው።