አማካይ የዕይታ ቆይታና የቪዲዮ ርዝመት



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቁጥር ነው። ትምህርቶቻችንን በዩቲዩብ ላይ መጫን ከጀመርን ወዲህ ይህ ቁጥር በየሴሚስተሩ ሪፖርት ላይ ይነበባል። አሁን ደግሞ የ40 ደቂቃ ትምህርቶች በ6 በ6 ደቂቃ ይቆራረጡ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ዋናው ማስረጃ ይኸው ቁጥር ሆኗል። ውሳኔው ረጅም ማብራሪያ የሚሹ ርእሶችን በቀጥታ ስለሚነካ፣ ቁጥሩ የሚናገረውንና የማይናገረውን ቀርበን ልንመረምር ይገባል።

ቁጥሩ በዩቲዩብ ስቱዲዮ ላይ Average view duration ተብሎ የሚታየው ነው፤ እኔ አማካይ የዕይታ ቆይታ እለዋለሁ። ቪዲዮው በጠቅላላው የታየበት ጊዜ ለዕይታዎች ብዛት ሲካፈል ይገኛል። ከእርሱ ጋር Average percentage viewed የሚባል ሌላ ቁጥር አለ፤ ይህም ከቪዲዮው ርዝመት ውስጥ በአማካይ ስንት በመቶው እንደታየ ይገልጻል። ብዙዎቻችን የመጀመሪያው ቁጥር የቪዲዮውን ርዝመት ከግምት እንደማያስገባ እናውቃለን፤ ስለዚህም ሁለተኛውን እንደ ማረሚያ እንወስደዋለን። የእኔ አቋም ግን የተለየ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ለረጅሙ ቪዲዮ ያደላል፣ ሁለተኛው ደግሞ ለአጭሩ።

ይህን ለማየት አንድ ምናባዊ ሁኔታ እናስብ። ሦስት ቪዲዮዎች አሉ እንበል፤ አንዱ 4፣ ሁለተኛው 10፣ ሦስተኛው 40 ደቂቃ ይረዝማል። ተመልካቾቻቸው በጠባይ ፍጹም አንድ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ደቂቃ መጨረሻ፣ በዚያ ሰዓት ከሚያዩት ውስጥ አንድ አምስተኛው ትቶ ይወጣል። የትኛውም ቪዲዮ ከሌላው የበለጠ ሳቢ አይደለም።

ስሌቱን ብንሠራው፣ የ4 ደቂቃው ቪዲዮ አማካይ ቆይታ 3 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንድ ይቀረዋል፤ በመቶኛ ሲሰላ 74 ነው። የ10 ደቂቃው ወደ 4 ደቂቃ ተኩል ይጠጋል፤ መቶኛው ግን ወደ 45 ይወርዳል። የ40 ደቂቃው 5 ደቂቃ ይሞላል፤ መቶኛው 12.5 ብቻ ነው። ደቂቃውን ብቻ ያየ ሰው ረጅሙ ቪዲዮ አሸነፈ ይላል፤ መቶኛውን ብቻ ያየ ደግሞ አጭሩ። ሁለቱም የለካቱት ርዝመትን ነው፤ እኛ እንደምናውቀው ተመልካቹ አልተለወጠምና።

ምክንያቱ ይህ ነው። ማንም ሰው በአንድ ዕይታ ከቪዲዮው ርዝመት በላይ ሊያይ አይችልም (እየመለሰ ካላየው በስተቀር፤ በዚህ የተነሣ የአጫጭር ቪዲዮዎች መቶኛ ከ100 ሊያልፍ ይችላል)። አጭሩ ቪዲዮ ሊቆዩ ይችሉ የነበሩትን ሰዎች ቆይታ በ4ኛው ደቂቃ ላይ ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ በደቂቃ ዝቅ፣ በመቶኛ ከፍ ይላል። ረጅሙ አይቆርጠውም፤ ነገር ግን ማንም ያልደረሰባቸው ደቂቃዎች በአካፋይነት ይጫኑታል።

አሁን ወደ ሐሳቡ እንመለስ። የ40 ደቂቃውን ትምህርት በ6 ደቂቃ ብንቆራርጠውና የተመልካቹ ጠባይ እንዳለ ቢቀጥል፣ የመጀመሪያው ክፍል መቶኛ ወደ 61 ይወጣል። ከ12.5 ወደ 61! በሪፖርት ላይ ታላቅ ስኬት ይመስላል። ሆኖም አንድም ተማሪ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልጨመረም። ሊጠየቅ የሚገባው ስንት ተማሪ ከአንደኛው ክፍል ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ተሻገረ የሚለው ነው፤ ይህንን ደግሞ የአንዱ ቪዲዮ አማካይ ሊነግረን አይችልም።

የመቆራረጥን ሐሳብ የሚደግፉ ባልደረቦቼ በ2014 የታተመውን የፊሊፕ ጉዎን፣ የጁሆ ኪምንና የሮብ ሩቢንን ጥናት ይጠቅሳሉ። መጥቀሳቸው ተገቢ ነው። ጥናቱ በኤድኤክስ ላይ የነበሩ የ862 ቪዲዮዎችን 6.9 ሚሊዮን ዕይታዎች መርምሯል፤ የቪዲዮው ርዝመት ምንም ይሁን ምን፣ የቆይታው መሃል ከፋይ ቢበዛ 6 ደቂቃ እንደሆነም አግኝቷል። አጥኚዎቹ አማካይን ትተው መሃል ከፋይን መምረጣቸውን ልብ በሉልኝ። ነገር ግን ርዝመትን በዕጣ አልመደቡም፤ ረጃጅሞቹ ቪዲዮዎች ከአጫጭሮቹ በይዘትም በአቀራረብም ሊለዩ ይችላሉ። ግኝቱ ተማሪው በአንድ መቀመጫ ምን ያህል እንደሚቆይ ይነግረናል፤ የተቆራረጠው ትምህርት እስከ መጨረሻው ይታያል ለማለት ግን አያበቃም።

አማካዩ የሚደብቀው ሌላም ነገር አለ። የ40 ደቂቃ ቪዲዮ ከከፈቱ 100 ሰዎች 85ቱ በ2ኛው ደቂቃ ወጡ፣ 15ቱ እስከ 30ኛው ቆዩ እንበል። አማካዩ 6.2 ደቂቃ ይሆናል። 6 ደቂቃ ያየ ሰው ግን አንድም የለም። የወጡት ምናልባት ርእሱ አሳስቷቸው ሌላ ነገር ሲፈልጉ የመጡ ናቸው፤ የቆዩት 15ቱ ግን ትምህርቱ የተዘጋጀላቸው ተማሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ቪዲዮ መፍትሔው ርእሱንና መግቢያውን ማስተካከል እንጂ ማሳጠር አይደለም። የሚለየውም በቆይታ መስመሩ ቅርጽ ነው፤ በመጀመሪያ በኃይል ወርዶ ከዚያ በኋላ ጠፍጣፋ ይሆናል።

በእኛ አገር ደግሞ የኔትወርክና የመብራት ነገር አለ። አማካዩ የሚሰላው በዕይታ እንጂ በሰው አይደለም። ግንኙነቱ እየተቋረጠበት ወይም የገዛው የዳታ ጥቅል እያለቀበት የ40 ደቂቃ ትምህርትን በአራት ቀን፣ በየቀኑ 10 ደቂቃ እያየ የጨረሰ ተማሪ በሪፖርቱ ላይ አራት ዕይታ ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱም 25 በመቶ። ትጉሁ ተማሪ በቁጥሩ ውስጥ አራት ያቋረጡ ሰዎች መስሎ ይታያል።

እንግዲህ በምን እንፍረድ? እኔ በመጀመሪያ የማየው በተመሳሳይ ደቂቃ ላይ የቀሩትን ተመልካቾች ድርሻ ነው። በምናባዊ ምሳሌያችን 3ኛው ደቂቃ ሲያበቃ በሦስቱም ቪዲዮዎች የሚቀጥለው 51 በመቶ ነው፤ ሁለቱ አማካዮች የሸሸጉትን እኩልነት ይህ ንጽጽር ያወጣዋል። ቀጥሎ ቪዲዮውን ርዝመቱ ከሚቀራረበው ጋር ብቻ አነጻጽራለሁ፦ የ35ን ከ45፣ የ5ን ከ7። በየምድቡ ውስጥም በደረጃ አስቀምጣለሁ። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ በ2022 የኳይሾ ተመራማሪዎች የቪዲዮ ጥቆማ ሥርዓታቸው ወደ ረጃጅሞቹ እንዳያደላ ቪዲዮዎችን በርዝመት መድበው፣ የዕይታ ጊዜን በየምድቡ ውስጥ ባለው ደረጃ ተንብየዋል።

ገደቡን ልሸሽግ አልፈልግም። አንድ የትምህርት ክፍል በአንድ የርዝመት ምድብ ውስጥ አምስት ስድስት ቪዲዮ ብቻ ቢኖሩት ደረጃው ብዙ አይናገርም። በዚያ ላይ የ40 ደቂቃ ቪዲዮን ለመክፈት የወሰነ ሰው የ4 ደቂቃውን ከከፈተው ጋር አንድ ዓይነት ሰው ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ በ3ኛው ደቂቃ የሚታየው ድርሻ እንኳ የቪዲዮውን ብቻ ሳይሆን የመራጩንም ጠባይ ይይዛል። ከፈተና በፊት ባለው ሳምንት የሚመጣው ተመልካች የሚፈልገውን ክፍል ብቻ አይቶ ይወጣል፤ ይህንን ከሴሚስተሩ መጀመሪያ ጋር ቀላቅሎ ማስላትም ተገቢ አይደለም።

ለኮሚቴው ያቀረብኩት ሐሳብ ከሁለት ትምህርቶች ላይ የሚጀምር ነው። አንዱን ትምህርት ተቆራርጦ፣ ሌላውን እንዳለ በዚህ ሴሚስተር እናቅርብ፤ በሚቀጥለው ደግሞ እናለዋውጣቸው። የምንቆጥረውም የመጨረሻውን 6 ደቂቃ ያዩ ተማሪዎችን ብዛት ይሁን። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።