ክፍት ጆሮና ዝግ ጆሮ፦ ለሩጫ፣ ለመንገድና ለቢሮ የጆሮ ማዳመጫ ስለመምረጥ



አንድ ማለዳ ከሴቻ ወደ ሲቀላ ቁልቁል ስሮጥ በሁለቱም ጆሮዎቼ ገመድ አልባ ማዳመጫ ሰክቼ ነበር። ከኋላዬ የመጣውን ባጃጅ ያወቅሁት ክርኔን ታክኮ ካለፈ በኋላ ነው። ሹፌሩ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፍቶ ኖሯል። የዛሬው ንግግሬ መነሻ ይኸው ነው።

ወደ ጆሮ ቀዳዳ የሚገባው ማዳመጫ በላስቲክ ጫፉ ቀዳዳውን ይደፍናል። የውጭውን ድምፅ ሲከለክል የውስጡንም ያፍናል። እስቲ ሁለቱንም ጆሯችሁን በጣታችሁ ድፈኑና በዝግታ አንጎራጉሩ። ድምፃችሁ በራስ ቅላችሁ ውስጥ ጎልቶ ይሰማችኋል። በአጥንት የሚተላለፈው ወፍራም ድምፅ በወትሮው በጆሮ ቀዳዳ በኩል ይወጣል፤ መውጫ ሲያጣ ግን ታምቡሩን ይገፋል። ሯጭ የእያንዳንዱን እርምጃውን ምት ጭንቅላቱ ውስጥ የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው።

በአጥንት የሚያስተላልፈው ማዳመጫ ከጆሮ ፊት ለፊት ጉንጭ አጥንት ላይ ተቀምጦ ንዝረቱን በቀጥታ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይልካል። ቀዳዳው ክፍት ስለሚሆን ባጃጁ ይሰማል። ስለዚህ መኪና በሚመላለስበት መንገድ ለሚሮጥ ሰው የምመርጠው ይህን ነው። «ታምቡርን ስለማያልፍ ጆሮን አይጎዳም» የሚባለው ግን ስሕተት ነው፤ በኃይለኛ ድምፅ የሚጎዱት ሕዋሳት የሚገኙት ንዝረቱ በሚደርስበት በውስጠኛው ጆሮ ነው።

ይኸው ማዳመጫ ሚኒባስ ውስጥ ይሸነፋል። የሞተሩ ጩኸት በክፍቱ ጆሮ ይገባል፤ አድማጩም ድምፁን ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚፈቅደው 80 ዴሲቤልን በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ የድምፁ ኃይል በእጥፍ ስለሚያድግ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 89 ዴሲቤል ላይ 5 ሰዓት ብቻ ይቀራል። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን የሚጓዝ ሰው 10 ሰዓት ያዳምጣል። በ89 ዴሲቤል ካዳመጠ ከተፈቀደው እጥፍ ወሰደ፤ በ80 ካዳመጠ ሩቡን ብቻ። ለተሳፋሪ የሚሻለው እንግዲህ በልክ የሚገጥም የሚሰካ ማዳመጫ ነው፤ የውጭውን ጩኸት ስለሚቀንስ ዝቅ አድርጎ ማዳመጥ ይቻላል። ልክ አለመሆኑን የምታውቁት ወፍራሙ ድምፅ ሲሳሳ ነው፤ ያን ጊዜ የላስቲኩን መጠን ለውጡ። የአጥንቱ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ የስፖንጅ መድፈኛ ጆሮው ውስጥ ቢያስገባ፣ ቅድም ስታንጎራጉሩ እንደሰማችሁት፣ ወፍራሙ ድምፅ ይመለስለታል።

ለቢሮ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ይመረጣል ይባላል። ጩኸት የሚያጠፋው ዓይነት የጄኔሬተርንና የማራገቢያን ያልተቋረጠ ጉምጉምታ በደንብ ይቀንሳል፤ የባልደረባን ወሬ ግን እምብዛም። የመነጽር ዘንግ ትራሱን ከቆዳው ካላቀቀውም ድምፅ ያሾልካል። በአርባ ምንጭ ሙቀት ደግሞ ጆሮን ያልበዋል፤ እኔ ራሴ ከምሳ በኋላ አውልቄው የሚሰካውን በአንድ ጆሮዬ ብቻ አደርጋለሁ።