መኪናውን ከመግዛታችን በፊት የመድኑን ዋጋ እንጠይቅ



ሰሊጣችንን ከመተማ ጎንደር ለማድረስ የምንከፍለው የመኪና ኪራይ ስለበዛብን፣ ከቁጠባችን አይሱዙ ለመግዛት አስበናል። የቀረቡልን ሁለት ናቸው፤ አንዱ አሮጌና ርካሽ፣ ሌላው ብዙ ያልሠራና ውድ። አብዛኞቻችን ወደ ርካሹ አዘንብለናል። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንይ።

የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው። ዋጋው እንደ መኪናው ዓይነትና እንደሚሰጠው አገልግሎት በታሪፍ የተወሰነ ስለሆነ ብዙ አያከራክርም። ነገር ግን የሚክሰው መኪናችን የጎዳውን ሌላ ሰውና ንብረት ነው። የራሳችን መኪና ቢገለበጥ የሚያስጠግንልን ሙሉ ዋስትና የሚባለው ነው።

ሙሉ ዋስትና የሚሰላው ከመኪናው ዋጋ በመቶኛ ነው። መቶኛው ደግሞ ከመኪና መኪና ይለያያል። ጭነት የሚያመላልስ መኪና ከቤት መኪና ይልቅ መንገድ ላይ ይውላል። ትልቅ ሞተር ያለው መለዋወጫው ይወደዳል። ያረጀው ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ መቶኛው ከፍ ይላል፤ በጣም ካረጀም ሙሉ ዋስትና አንሰጥም የሚል ድርጅት አለ።

ለምሳሌ ያህል ብቻ እናስላ። ውዱ መኪና 3,000,000 ብር ቢያወጣና መቶኛው 2 ቢሆን፣ በዓመት 60,000 ብር እንከፍላለን። አሮጌው 1,800,000 ብር ቢያወጣና መቶኛው 3.5 ቢሆን 63,000 ብር ይሆናል። ረከሰ ያልነው መኪና በመድን በለጠ ማለት ነው።

«ታዲያ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እናስመዝግበው» ያላችሁ አላችሁ። 1,800,000 የሚያወጣውን 1,200,000 ብለን ብናስመዘግብ፣ የዋስትናው መጠን የዋጋው ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይሆናል። የ300,000 ብር ጉዳት ቢደርስ ድርጅቱ ካሳውን በዚያው ልክ ቀንሶ 200,000 ያሰላል፤ ከዚያም ላይ በውሉ የኛ ድርሻ የተባለው ይቀነሳል። ቀሪው ከቁጠባችን ይወጣል።

ዕድሜውንም ሊብሬው ላይ አንብቡ እንጂ ደላላውን አትመኑ። የተሠራበት ዓመት አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 2008 የሚለውን ከእኛ 2018 ላይ ቀንሰን «ገና 10 ዓመቱ ነው» ብንል፣ መድን ድርጅቱ ግን 17 ወይም 18 ብሎ ይቆጥረዋል። እኛም መጀመሪያ በዚህ ተሳስተን ነበር።

ድንበር ተሻግረን ገላባት ለመግባት ካሰብን ደግሞ የአገር ውስጡ ውል አይበቃም፤ ለሦስተኛ ወገን የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ለብቻው ይጠየቃል።

ስለዚህ ቀብድ ሳንከፍል የሁለቱንም መኪናዎች ሊብሬ ኮፒ ይዘን ቢያንስ ሦስት የመድን ድርጅቶች ዘንድ እንሄዳለን። ዓመታዊ ክፍያውን፣ በጉዳት ጊዜ የሚጠበቅብንን ድርሻና ያለ ጉዳት ለከረመ ዓመት የሚሰጠውን ቅናሽ በጽሑፍ እንቀበልና በሚቀጥለው ስብሰባ ጎን ለጎን አድርገን እናቀርብላችኋለን።